በቁርጥ ተዋውዬ የሠራሁበትን ሰዓት ኢንቮይሱ ላይ አያያዝኩ፤ ደንበኛው አሁን ቀንሺ ይለኛል

ማታ_ሠሪ

ሰላም ናችሁ? ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ፍሪላንሰር ነኝ። ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል። አንዱ ያለቀ ሥራ ነው፣ ሌላው ገና ያልጀመርኩት።

ለአንድ ማሠልጠኛ የምዝገባ ገጽ ልሠራ በ800 ተስማማን። የየት አገር ገንዘብ እንደሆነ ይለፈኝ፣ ቁጥሩ ይበቃናል። ግማሹን በቅድሚያ ከፈሉኝ። 40 ሰዓት ይፈጅብኛል ብዬ ነበር፣ ሰዓቴን የማስበው በ20 ነው። ሥራው ግን በ26 ሰዓት አለቀ። ቀደም ብዬ ለሌላ ሥራ ያዘጋጀሁት ቅጽ ስለነበረኝ እሱን አስተካክዬ ተጠቀምኩበት።

የቀረውን 400 ስጠይቅ ግልጽ ልሁን ብዬ የሰዓት መዝገቤን ከኢንቮይሱ ጋር ላክሁ። መልሱ እንዲህ ሆኖ መጣ፦ «26 ሰዓት በ20 ሲባዛ 520 ነው። 400 ከፍለናል። የሚቀርሽ 120 ነው።»

ሁለተኛው ነገር፣ እነዚሁ ሰዎች ሌላ ሥራ ሊሰጡኝ ነው። በድሮ የኤክሴል ፋይሎች ያለውን የ3,000 ሰልጣኝ መረጃ ወደ አዲሱ ሲስተም ማዛወር፣ ከዚያ የሪፖርት ገጾች መጨመር። ዋጋ ንገሪን ብለዋል። በሰዓት ልበል፣ በቁርጥ፣ ወይስ ሥራውን በደረጃ ከፍዬ በማይልስቶን?

ቆራጥ

ወይ እህቴ! በቁርጥ መሥራት ድሮም አይበጅም። ሥራው ቢረዝም ኪሳራው ያንቺ፣ ቢያጥር ደግሞ ይኸው ቀንሺ ይሉሻል። እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ በሰዓት ካልሆነ አልነካም።

ለነገሩ መዝገቡ ላይ 40 ብለሽ ብትጽፊ ማን ያውቅ ነበር?

የድሮ_እጅ

ቆራጥ፣ የመጨረሻዋን ቃል ብትመልሳት ደስ ይለኛል። አንደኛ ውሸት ነው። ሁለተኛ ደግሞ ይታወቃል። የኮድ ማስቀመጫው እያንዳንዱ ለውጥ መቼ እንደገባ ይመዘግባል፣ ኢሜይሎቹም ሰዓት አላቸው። አንድ ቀን ሌላ ባለሙያ ቀጥረው ቢያስመረምሩ ያልተሠራበት ቀን ላይ 6 ሰዓት ተጽፎ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን መዝገብሽንም የሚያምን የለም።

ማታ_ሠሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ ዋጋውን ስትልኪላቸው ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው? ቃል በቃል ብታስቀምጪው ጥሩ ነው።

ማታ_ሠሪ

ኢሜይሉን ፈልጌ አገኘሁት። «ግምት፦ 40 ሰዓት × 20 = 800» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ጠቅላላ ዋጋው 800 ነው፣ አይለወጥም» ብያለሁ።

የድሮ_እጅ

እዚያ ላይ ነው የተሳሳትሽው። መዝገቡን ማያያዝሽ በኋላ የመጣ ነው።

ሁለቱን መስመሮች እንደ ደንበኛ ሆነሽ አንብቢያቸው። የመጀመሪያው የሰዓት ውል ይመስላል፦ ሰዓት አለ፣ የሰዓት ዋጋ አለ፣ ላዩ ላይ «ግምት» የሚል ቃል አለ። ሁለተኛው የቁርጥ ውል ነው። ሰውየው የሚጠቅመውን መስመር መረጠ፣ አንቺም የሚጠቅምሽን። ሌባ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በቁርጥ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን ለራሱ ያስላ እንጂ ለደንበኛው አያሳይ። ማሳየት ያለበት የሚያስረክበውን ነው፦ የምዝገባ ገጽ፣ ለተመዝጋቢው የሚሄድ የማረጋገጫ ኢሜይል፣ የአስተዳዳሪ ገጽ፣ ሁለት ዙር እርማት፣ ዋጋ 800። እንዲህ ቢሆን ኖሮ 26ን ከምንም ጋር ሊያባዛው አይችልም ነበር።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፊለት፣ ክርክር ሳትጨምሪ። «ሥራው 55 ሰዓት ፈጅቶብኝ ቢሆን 1,100 ትከፍሉኝ ነበር?» በይው። አዎ ካለ በእርግጥም የሰዓት ውል ነበር ማለት ነው፣ 520ውን ተቀበይ። አይ ካለ ቁርጥ ነበር፣ ሥራው ቢረዝም ጉዳቱን አንቺ ልትሸከሚ ተስማምተሽ ነበር ማለት ነው። ያንን የሚሸከም ሰው ሥራው ሲያጥርም ትርፉ የራሱ ነው።

ሰዓት_ይቁም

እኔም ይሄ ነገር አንገሽግሾኛል! በየደቂቃው ስክሪን ፎቶ እያነሳ የሚልክ ፕሮግራም ጫን ይሉሃል። ሻይ ልትጠጣ ብትነሳ እንኳ ይቆጥርብሃል። በፍጹም አትጫኚ።

ማታ_ሠሪ

እኔን ጫኚ ያለኝ የለም 🙂 መዝገቡን ራሴ ነኝ የያዝኩት። ጥያቄዬ ኢንቮይሱ ላይ ይውጣ አይውጣ ነው።

የድሮ_እጅ

የሰዓት_ይቁም ነገር ከዚህ ጋር ባይገናኝም አንድ ነገር አስታወሰኝ። አፕወርክ ላይ በሰዓት የሚሠራ ሰው የሥራ ማስታወሻው በ10 ደቂቃ እየተከፋፈለ ከስክሪን ፎቶ ጋር ይቀመጣል፣ ክፍያው ሲያከራክር የሚታየውም እሱ ነው። በቁርጥ ከሆነ ግን ሰዓት የሚጠይቅ የለም። ደንበኛው የማይልስቶኑን ገንዘብ አስቀድሞ በአደራ ያስቀምጣል፣ ሥራው ገብቶ 14 ቀን ዝም ካለ ገንዘቡ ይለቀቃል። ሁለቱን ውሎች የለዩዋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ በሰዓት ይረጋገጣል፣ ሌላው በርክክብ። አንቺ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ቀላቀልሻቸው።

ከፋይ_ወገን

እኔ ደግሞ ከማዶ ነኝ። በምሠራበት ቦታ የፍሪላንሰሮችን ኢንቮይስ አይቼ ለክፍያ የማስተላልፈው እኔ ነኝ። እንደምታስቡት ሁልጊዜ ለመቀነስ አይደለም የምንጠይቀው።

ቁርጥ ዋጋ ያለው ኢንቮይስ ሲመጣ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የተስማማንበት ወረቀት ቁጥር ወይም ቀን፣ እና ሥራው መረከቡን የሚያሳይ አንድ መስመር። ሰዓት አልፈልግም። ከላካችሁልኝ ግን አነበዋለሁ። ካነበብኩት ደግሞ አለቃዬም ያነበዋል፣ እሱ መቼም ካልኩሌተር ከእጁ አይለይም።

በሰዓት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። «ልዩ ልዩ ሥራ፣ 14 ሰዓት» የሚል መስመር ከመጣ አላስተላልፈውም። 14 ሰዓት በዛ ብዬ አይደለም፣ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ስለሌለኝ ነው። ያው ሰው «የመግቢያ ገጹ በስልክ ላይ ሲከፈት የሚቆራረጠውን ማስተካከል፣ 3.5 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ በዚያው ቀን ያልፋል። ችግሩን ራሳችን ነግረነው ነበር፣ ስናነበው እናስታውሰዋለን።

ሒሳብ_ያዥ

የድሮ_እጅ ያሉት ጥያቄ ጥሩ ነው። መልሱ ምንም ቢሆን ግን ያንን ኢንቮይስ ከፍተሽ አታርሚው። በዚያ ቁጥር የወጣ ወረቀት እነሱ ጋ አለ። አንቺ ጋ ያለው ሌላ ነገር ካለ በአንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ ወረቀት ሊኖር ነው። ለመጀመሪያው ኢንቮይስ መሰረዣ ወረቀት አውጪለት፣ ከዚያ በአዲስ ቁጥር ያለ ሰዓት መዝገብ ላኪ። «የቀድሞውን ይተካል» የሚል መስመር ይኑረው።

ሌላው፣ ሰዓት በኤክሴል የምትደምሩ ሰዎች ተጠንቀቁ። አንድ የማውቀው ሰው 27 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሠርቶ ኢንቮይሱ ላይ የወጣው 3:45 ነበር። ተራው የሰዓት ፎርማት 24 ሲሞላ እንደ ግድግዳ ሰዓት ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ሙሉ ቀን ጠፋበት ማለት ነው። ሴሉን ወደዚህ ፎርማት ለውጡት፦

```
[h]:mm
```

በዋጋ ስታባዙም ሌላ ወጥመድ አለ። ኤክሴል ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው። 27:45ን በ20 ብታባዙት 23 ምናምን ይሰጣችኋል። መሃል ላይ 24 ያስፈልጋል፦

```
=SUM(D2:D20)*24*20
```

የሴሉን ፎርማት General ብታደርጉት ያን ጊዜ 555 ይወጣል፣ ትክክሉም እሱ ነው። በእጅ የምትጽፉም 1 ሰዓት ከ30ን 1.30 አትበሉ፣ 1.5 ነው። ትንሽ ይመስላል እንጂ በወር ስንቱን እንዳየሁ።

ተርጓሚዋ

እኔ በሰዓትም በቁርጥም አይደለም፣ በቃል ብዛት ነው የማስከፍለው፣ ስለዚህ ምክሬ ላይጠቅምሽ ይችላል። ማይልስቶን ላይ ግን አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ።

ትልቅ የሥልጠና መጽሐፍ ነበር። ሁለት ክፍያ፦ 30 በመቶ ስጀምር፣ 70 በመቶ «መጽሐፉ ሲታተም»። ትርጉሙን በስድስት ሳምንት ጨርሼ አስረከብኩ። እነሱ ግን ሽፋኑ ላይ አልተስማሙም፣ ከዚያ መቅድሙን የሚጽፈው ሰው ጠፋ። 70 በመቶዬ ሰባት ወር ተኛ። የበደለኝ ሰው እንኳ አልነበረም! ውሉ ሲታተም ይላል፣ መጽሐፉ አልታተመም።

አሁን የምጽፈው «ሙሉው ትርጉም ሲረከብ» ብዬ ነው። ማሳተም የእነሱ ሥራ ነው።

የድሮ_እጅ

ተርጓሚዋ ያለችው ለሁለተኛው ሥራ መልስ ነው ማለት ይቻላል። ማይልስቶን በራስሽ እጅ በሚያልቅ ነገር ላይ ብቻ ይታሰር። ደንበኛው ይዘት ሲልክ፣ ደንበኛው ሲያጸድቅ፣ ሥራ ሲጀምሩበት የሚሉት በእጅሽ አይደሉም። ማጽደቅ የግድ ከሆነ «ከተረከቡ በኋላ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ጉድለት በጽሑፍ ካልቀረበ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል መስመር ጨምሪ።

አሁን ወደ ሥራሽ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ክፍያ መምረጥ የለብሽም፣ ሥራው ራሱ ሁለት ዓይነት ነውና። የሪፖርት ገጾቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ ሠርተሽም ታውቂያለሽ። የድሮዎቹን ፋይሎች ግን ከፍተሽ አላየሻቸውም። 3,000 ሰው በንጹሕ አንድ ሠንጠረዥ ካለ የሁለት ቀን ሥራ ነው። አንዱ ሰው በሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ ተመዝግቦ፣ የትውልድ ቀኑ ግማሹ በቁጥር ግማሹ በፊደል ሆኖ፣ ስልኩ መነሻ ዜሮው ጠፍቶ ከሆነ ሁለት ሳምንት ነው። ይህን ሳያዩ ቁርጥ መናገር ቁማር ነው። እንዳትጎጂ ብለሽ ብታበዢው ሥራው ያመልጥሻል፣ ብታሳንሺው ትከስሪያለሽ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሎቹን መመርመሩን ብቻ በሰዓት ውሰጂ፣ ግን ጣሪያ ይኑረው። «ከ10 ሰዓት አይበልጥም፣ 7 ላይ ስደርስ አሳውቃለሁ» በይ። ጣሪያ የሌለው የሰዓት ሥራ ደንበኛን እንቅልፍ ይነሳል፣ ሥራውን የሚከለክልሽም ያ ፍርሃት ነው። በዚህ ጊዜ ሰዓት መዝገቡን አያይዢ፣ ከፋይ_ወገን እንዳለው በሥራው ስም። ከምርመራው የሚወጣው ወረቀትም የእነሱ ይሁን፦ ስንት ተደጋጋሚ ሰው አለ፣ የትኛው ዓምድ ባዶ ነው፣ የቱ ሊስተካከል አይችልም። ከፈለጉ ወረቀቱን ይዘው ሌላ ሰው ጋ ይሂዱ።

ከዚያ ለቀሪው ቁርጥ ትናገሪያለሽ፣ ክፍያውን በሦስት ማይልስቶን ከፍለሽ። 900 ቢሆን እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። የ200 ሰው ናሙና አዲሱ ሲስተም ላይ ገብቶ ሲታይ 270። ሙሉው ሲዛወር 360። የሪፖርት ገጾቹ ሲረከቡ 270። «ሙሉው ሲዛወር» የሚለውን ግን እንዲሁ አትተዪው። ዝውውሩ አልቋል የሚባለው በድሮዎቹ ፋይሎችና በአዲሱ ሲስተም ላይ የሰልጣኝ ቁጥር እና ሰልጣኞቹ የከፈሉት ክፍያ ድምር እኩል ሲሆን ነው በይ፣ ምርመራው ላይ የተለዩት ተደጋጋሚዎች ተቀንሰው። ያኔ አልቋል አላለቀም የሚል ክርክር አይኖርም፣ ሁለት ቁጥር ማስተያየት ነው። በነዚህ ሦስት ኢንቮይሶች ላይ ሰዓት አይጻፍ።

ቆራጥ

እሺ፣ 40 ጻፊ ያልኩትን መልሻለሁ፣ ይቅርታ። በሰዓት ይሻላል የሚለውን ግን አልመልስም። ይሄ ሁሉ ማይልስቶን መጻፍ፣ ቁጥር ማስተያየት፣ 5 የሥራ ቀን መጠበቅ ራሱ ሰዓት ነው፣ ማን ይከፍለዋል? እኔ በየ15 ደቂቃው ወደ ላይ አጠጋግቼ በየሳምንቱ አርብ እልካለሁ። አለቀ።

ከፋይ_ወገን

ቆራጥ፣ አርብ አርብ መላክህ ጎበዝ። በወር አንዴ የሚመጣ የ60 ሰዓት መዝገብ ማንም አያስታውሰውም። የሳምንቱ ግን ትዝ ይላል።

ማጠጋጋቱ ላይ ግን ቆይ። እያንዳንዱን ጥሪ ነው የምታጠጋጋው ወይስ የቀኑን ድምር? አንድ ጊዜ የደረሰኝ መዝገብ ላይ በአንድ ቀን አምስት የስልክ ጥሪ ነበር፣ እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ገደማ። ሲደመር 20 ደቂቃ ነው። ለየብቻ ተጠጋግቶ 1 ሰዓት ከ15 ሆኖ መጣ። የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ስልኬ ላይ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያን ሰው መዝገብ መስመር በመስመር ነው የማየው።

ቆራጥ

እያንዳንዱን ነው 😅 ግን አንድ ጥሪ ከሥራ ያወጣኛል እኮ! 4 ደቂቃ አውርቼ ወደነበርኩበት ለመመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል።

ሒሳብ_ያዥ

እውነትህን ነው። እንግዲያው አስቀድመህ ውሉ ላይ ጻፈው፦ «ትንሹ የሚቆጠር ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፣ ጥሪን ጨምሮ»። ካወቀ በኋላ አምስት ጊዜ ከደወለ የራሱ ምርጫ ነው። ሳይነገረው ኢንቮይስ ላይ ካየው ግን ማታለል ይመስለዋል። ካልጻፍከው የቀኑን ድምር አንዴ ብቻ አጠጋጋ።

ማታ_ሠሪ

ተመልሻለሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ላክሁላቸው። መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን ፈጀባቸው። «55 ቢሆን ኖሮ አንከፍልም ነበር፣ ከ800 በላይ አልተፈቀደልንም» አሉ። እንግዲያውስ ቁርጥ ነበር አልኳቸው። መሰረዣውንና አዲሱን ኢንቮይስ ሒሳብ_ያዥ እንዳለው ላክሁ። 400ው ዛሬ ገባ።

የምርመራውንም ክፍል ተቀበሉ፣ 10 ሰዓት ጣሪያ። ግን አንድ ነገር አስጨመሩ። በማይልስቶኖቹም ላይ «ለመረጃ ያህል» ሰዓት እንድጽፍ ይፈልጋሉ። ዋጋውን አይለውጥም ይላሉ። ምን ልበል?

የድሮ_እጅ

እምቢ በይ። ለመረጃ ያህል የተጻፈ ሰዓት ለሚቀጥለው ሥራ ዋጋ መከራከሪያ ይሆናል። በምትኩ የሥራ ሪፖርት ስጫቸው፦ በየትኛው ቀን ምን ተሠራ፣ ምን ተረከበ። ሰዓት የለውም።

ከፋይ_ወገን

እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። አንዳንድ ቦታ ገንዘቡን የሰጠው ሌላ ወገን ስለሆነ ሰዓት ያለበት ወረቀት ካልገባ ክፍያው ራሱ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ለምን እንደፈለጉት ትጠይቃቸው። እንደዚያ ዓይነት ግዴታ ካለባቸው መዝገቡን ከኢንቮይሱ ለይታ፣ የሰዓት ዋጋ የሚባል ነገር ሳይኖርበት ብትሰጥ ምን ይጎዳታል?

የድሮ_እጅ

የሰዓት ዋጋዋን እኮ ያውቁታል፣ 20 ብላ በኢሜይል ጽፋላቸዋለች። ለይታ ብትሰጥም ያባዙታል።

ማታ_ሠሪ

እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ለማንኛውም ነገ ደውዬ ለምን እንደፈለጉት እጠይቃቸዋለሁ። የምርመራውን ሥራ ግን ዛሬ ጀመርኩ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩት። የትውልድ ቀኑ በእርግጥም ግማሹ በፊደል ነው።